ትከሻው ይገዛል፣ ቀሪው ይሰፋል

የሙሽራ ወንድም መሆን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሙሽራው ሚዜዎቹን አስከትሎ ሲመጣ በሩ ላይ ተደርድረው አናስገባም ከሚሉት መካከል ፊት የሚቆመው እሱ ነው። ግፊያው ሲበርድ እንግዳ ያስቀምጣል፣ ትሪ ያቀብላል፣ ከክፍለ ሀገር የመጣ ዘመድ ይስማል፣ ፎቶ ሲባል ይሮጣል፣ ዘፈኑ ሲደምቅ ደግሞ እስክስታ ይወርዳል። ሚዜዎቹ አንድ ዓይነት ልብስ አሰፍተው ወይም ተከራይተው ነው የሚመጡት፤ የሙሽራዋን ወንድም ግን ምን ልትለብስ ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም።

የታሪካችን ወጣት 23 ዓመቱ ነው። ጉለሌ ከእናቱና ከታላቅ እህቱ ጋር ይኖራል፤ መርካቶ ውስጥ የሞባይል ዕቃ በሚሸጥ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል። ሙሉ ልብስ ገዝቶ አያውቅም። የተመረቀ ቀን የለበሰው ኮት የአጎቱ ልጅ ነበር፤ በፎቶው ላይ ጣቶቹ ከእጅጌው ውስጥ አልወጡም። እህቱ የምትዳረው ጥምቀት ባለፈ ቅዳሜ ነው። ወጣቱ ከደመወዙ እየቀነሰ ያጠራቀመው 7,000 ብር ሲሆን ሸሚዙም፣ ካልሲውም፣ የጫማው ማሳደሻም ከዚሁ የሚወጣ ነው።

እህቱ አንድ ነገር ብቻ አዘዘችው። «ጥቁር እንዳትገዛ፤ የሚዜዎቹ ጥቁር ነው። ከእነሱ ጋር ተደባልቀህ የማን ወገን እንደሆንክ እንዳይጠፋን።»

አራት መንገድ

በዚህ ገንዘብ ሙሉ ልብስ የሚፈልግ ሰው አራት መንገድ አለው፤ መከራየት፣ ጨርቅ ገዝቶ ማሰፋት፣ የተሰፋ አዲስ መግዛት፣ ወይም ከሰልባጅ መምረጥ።

ኪራይ ለሁለት ቀን ከሁሉም ይረክሳል። ችግሩ የተከራዩት ልብስ በልክ የማይስተካከል መሆኑ ነው። አከራዩ ነገ ለሌላ ሰው የሚያከራየውን ኮት እጅጌ አያሳጥርም። ለሚዜዎች በአንድ ቀለም አሥር ልብስ የሚያወጣ ቤት እንኳን የሚያቀርበው በቁጥር እንጂ በገላ አይደለም። መታወቂያ ወይም ገንዘብ በመያዣ ይያዛል፤ ወጥ ከፈሰሰበት ከመያዣው ይቆረጣል። ሲያስተናግድ ለሚውል የሙሽራ ወንድም ይሄ የመጨረሻው ቀላል ነገር አይደለም።

ማሰፋት ሲታሰብ በጣም ያጓጓል። ለኮትና ሱሪ ወርዱ 150 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጨርቅ ሦስት ሜትር ወይም ሦስት ሜትር ተኩል ያስፈልጋል፤ ሰውየው ረጅም ወይም ወፍራም ከሆነ ይጨምራል። በዚያ ላይ ገበሩ፣ በደረቱ በኩል በሁለቱ ጨርቅ መሃል የሚገባው ማጠንከሪያ፣ የትከሻው ስፖንጅ፣ ቁልፉና ዚፑ አለ። ከዚያ የእጅ ዋጋ ይከተላል። ኮት ከሸሚዝና ከሱሪ ጋር የሚወዳደር ሥራ አይደለም፤ ሱሪ አሳምሮ የሚሰፋ ሁሉ ኮት አያውቅም። በጥር ወር ደግሞ ኮት የሚያውቀው ልብስ ሰፊ የሰርግ ልብስ ተቆልሎበታል። ወጣቱ ሂሳቡን ሲያየው ገንዘቡም ቀኑም አልበቃውም።

የቀሩት አዲስ የተሰፋና ሰልባጅ ናቸው። እንደ ብዙ ሰው እሱም ከአዲሱ ጀመረ።

ከኋላ የምትጨብጠው እጅ

መርካቶ አንድ ሱቅ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ሰማያዊ ሙሉ ልብስ አለበሱት። ዋጋው 6,800 ብር ነው ተባለ። ሻጩ መስታወት ፊት አቆመውና ከኋላው ሆኖ ኮቱን ከወገቡ ላይ ጨበጥ አደረገለት። መስታወቱ ውስጥ ያለው ልጅ ወገቡ ገብቶ ደረቱ ሞልቶ ታየ። «ወንድሜ፣ ሙሽራው አንተ ነህ ወይስ ሌላ ሰው አለ?» አለው ሻጩ።

ይህች ከኋላ የምትጨብጥ እጅ በየልብስ ሱቁ ያለች የድሮ ዘዴ ናት። እጇ ስትለቅ ጨርቁ ይዘረገፋል፤ ገዢው ግን ያየውን ምስል በዓይኑ ይዞ ይከፍላል። መፍትሔው ቀላል ነው። «አንዴ ልቀቀኝ» ብሎ ሁለት እርምጃ ራቅ ማለት፣ ወደ ጎን መዞር፣ ቢቻል ከመብራቱ ወጥቶ በር ላይ በፀሐይ ማየት። የሱቅ መብራት ሰማያዊና ጥቁርን ያመሳስላል፤ ርካሽ ጨርቅ ላይ ያለውንም የላስቲክ የመሰለ ብልጭታ ይደብቃል።

ወጣቱ ያንን አላወቀም፤ ያዳነው ገንዘቡ ነው። ከ7,000 ላይ 6,800 ቢከፍል ሸሚዝ የሚገዛበት አይተርፈውም። «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ወጣ። ማታ ሰፈር ሲደርስ በረንዳ ላይ በሲንጀር መኪና የሚሠሩትን አዛውንት ልብስ ሰፊ አገኛቸውና የሆነውን ነገራቸው።

«ትከሻው እንዴት ነበር?» አሉት።

«ደህና ነው መሰለኝ ጋሼ። አላየሁትም።»

«ታዲያ ምኑን አየህ ልጄ?»

ትከሻ

ልብስ ሰፊው ከመስቀያቸው ላይ የደንበኛ ኮት አውርደው አለበሱትና ከግድግዳው ጎን አቆሙት። «አሁን እንዳለህ ሆነህ በትከሻህ ወደ ግድግዳው ተጠጋ» አሉት። የኮቱ ስፖንጅ ግድግዳውን ነካ፤ ክንዱ ግን ገና ጣት የምታስገባ ክፍተት ነበረው። ኮቱ ሰፍቶታል ማለት ነው። በልኩ የሆነ ኮት የትከሻው ስፌት አጥንቱ በሚያበቃበት ላይ ያበቃል፤ ከዚያ እጅጌው ሳይጎደጉድና ሳይነፋ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጠባብ ከሆነ ደግሞ ክንዱ ጨርቁን ወደ ውጭ ይገፋውና ከስፌቱ ሥር ጎድጓዳ ይፈጠራል።

ሁሉ ነገር ከትከሻ የሚጀመርበት ምክንያት አለው። ኮት ላይ ሌላው ሁሉ በመጠኑ ይስተካከላል። ወገብ በጎንና በጎን ስፌት ይገባል። እጅጌ ከታች ያጥራል። የሱሪ ወገብ ከኋላ ይጠባል፣ ርዝመቱ ይቆረጣል። ትከሻን ለማጥበብ ግን እጅጌው ይነቀላል፤ ገበሩ ይተረተራል፤ ስፖንጁ ይወጣል፤ ትከሻው እንደገና ይቆረጣል፤ ከዚያ የእጅጌው ጫፍ ካዲሱ ብብት እንዲገጥም ተሰብስቦ በእጅ ይያዛል። ኮቱን ከመጀመሪያ እንደ መስፋት ነው፤ ብዙ ልብስ ሰፊም አይቀበለውም። የሚቀበል ቢገኝም ዋጋው በርካሽ ከተገዛው ኮት ሊበልጥ ይችላል። ማስፋት ደግሞ ጭራሽ የለም፤ ውስጡ የተተወ ጨርቅ አይኖርምና።

ስለዚህ ትንሽ ገንዘብ ያለው ሰው የሚገዛው ትከሻውን ነው። ቀሪውን ለመርፌና ክር ገንዘብ ይተውለታል። ልብስ ሰፊው ለወጣቱ የሰጡትም ምክር ይኸው ነበር። «ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ከፍለህ ያልተስተካከለ ከምትለብስ ግማሹን ከፍለህ የተስተካከለ ልበስ። ከሰልባጅ እንፈልግ። ቅዳሜ ጠዋት ውሰደኝ።»

ሁለተኛው የማይታረም ነገር የኮቱ ርዝመት ነው። ኮት መቀመጫን መሸፈን አለበት፤ ከዚያ ብዙ መውረድም የለበትም። ከታች ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ቢያጥር አይታወቅም። ከዚያ ካለፈ ኪሶቹ ወደ ጠርዙ የወረዱ ይመስላሉ፤ የታችኛው ቁልፍም ጫፍ ላይ ይቀራል። ኪስና ቁልፍን ወደ ላይ የሚያነሳ ልብስ ሰፊ የለም።

ሦስተኛው የእስክስታ ፈተና ነው። ኮት ለብሶ ክንድን ወደ ፊትና ወደ ላይ ሲያነሱ ኮቱ በሙሉ አብሮ ከተነሳ ብብቱ ዝቅ ብሎ ተቆርጧል ማለት ነው። ብዙ ሰው ብብቱ የሰፋ ኮት ያንቀሳቅሰኛል ብሎ ያስባል፤ የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ብብቱ ወደ ገላ የቀረበ ኮት ላይ ክንዱ ብቻውን ይንቀሳቀሳል፣ የቀረው ቦታው ላይ ይቆያል። ዝቅ ያለ ብብት ግን እጅጌውን ከጎኑ ጋር ስለሚያስረው ክንድ በተነሳ ቁጥር ደረቱም አንገቱም አብረው ይነሳሉ። በር ላይ ተጋፍቶ፣ ትሪ አቀብሎ፣ ትከሻ ለሚነቀንቅ ሰው ይህ ትልቅ ልዩነት ነው።

ቅዳሜ ጠዋት

ሰልባጅ ውስጥ ሙሉ ልብስ ማግኘት ከኮት ብቻ ይልቅ ይከብዳል። ኮቱ ከአንድ ቦታ ሱሪው ከሌላ የሆነ፣ ግን እንደ አንድ ልብስ የተሰቀለ ያጋጥማል። ልብስ ሰፊው ኮቱንና ሱሪውን ወደ ፀሐይ ያወጡና የሱሪውን እግር ከእጅጌው ጎን ያጋጥማሉ። ቀለሙ ተመሳስሎም እንኳን የሽመናው መስመር ከተለያየ ይመልሳሉ። ሁለት የሚቀራረቡ ሰማያዊዎች በፎቶ ላይ ተለያይተው ይታያሉ።

ቀጥለው የሚያዩት የድካም ምልክት ነው። የሱሪው መቀመጫ እና የእጅጌው ክርን ላይ ጨርቁ አልቆ ካብረቀረቀ አይመለስም። ሱሪውን ወደ ብርሃን አንስተው ብል የበላው ቀዳዳ መኖሩን ያያሉ። የኮቱን ገበር ገልብጠው ብብቱ ሥር ላብ ያነጠበው እንዳለ ይመለከታሉ። በመጨረሻ ኮቱን አግድም ይዘው ደረቱን በጎን ብርሃን ያያሉ።

የመጨረሻዋ ምልከታ ለብቻዋ መብራራት አለባት። የኮት ደረት ቀጥ ብሎ የሚቆመው ከሥሩ ማጠንከሪያ ስላለ ነው። በውድ ኮት ማጠንከሪያው በክር ይያዛል። በርካሹና በመካከለኛው ግን በሙቀት የሚቀልጥ ሙጫ ተቀብቶ ይጣበቃል። የተጣበቀ መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው ለብሶት ዓመታት ይኖራል። ውኃ ውስጥ ከተዘፈዘፈ ወይም ብዙ የጋለ ካውያ ካረፈበት ግን ሙጫው ይለቃል። ያን ጊዜ ደረቱ ላይ ትናንሽ እብጠት ይወጣል። ልብስ ሰፊው በዚያ ቀን ሁለት ኮት የጣሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ አንዱ ሲታይ አዲስ ነበር። «ይኼ ቤት ውስጥ ታጥቧል» አሉ እብጠቱን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ። «አሁን ማንም አይመልሰውም።»

ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንድ ጠቆር ያለ ሰማያዊ አገኙ፤ በቀን ሲታይ ሰማያዊ፣ በማታ መብራት ጥቁር የሚመስል ዓይነት። ትከሻው ልክ ተቀመጠ። ብብቱ ከፍ ያለ ነበር። ወገቡ ሰፍቶታል፣ እጅጌው አውራ ጣቱ ድረስ ይወርዳል፣ ሱሪው መሬት ይጠርጋል። ወጣቱ ፊቱ ጠቆረ። ልብስ ሰፊው ግን ፈገግ አሉ፤ የሰፋውና የረዘመው ሁሉ በሚስተካከልበት ቦታ ነውና።

ሻጩ «ንጹሕ ሱፍ ነው ጋሼ» አላቸው። ገበሩ ውስጥ ያለው ምልክት 55 በመቶ ፖሊስተር፣ 45 በመቶ ሱፍ ይላል። ልብስ ሰፊው ከሱሪው የውስጥ ጠርዝ ክር መዘው በክብሪት ለኮሱት። ከፊሉ ነዶ የተቃጠለ ፀጉር ሸተተ፤ አመዱም በጣት ተፈረከሰ። ከፊሉ ቀልጦ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ሆነ። ፀጉር የሸተተው ሱፉ ነው፤ የቀለጠው ፖሊስተሩ። ንጹሕ ሱፍ ቢሆን እንክብል አይቀርም፤ ንጹሕ ፖሊስተር ቢሆን የፀጉር ሽታ አይኖርም። ድብልቁ ለዚህ ወጣት የሚበጅ ነው። ፖሊስተሩ ጨርቁን ጠንካራ ያደርገዋል፣ በቶሎ አይጨማደድም፤ ሱፉ ደግሞ ላብ ይመጥጣል፣ ብልጭታውንም ይቀንሳል። ሙሉ በሙሉ ፖሊስተር ቢሆን በሕዝብ በተሞላ ዳስ ውስጥ ያፍነው ነበር።

4,500 ተባለ። «መጨረሻውን ንገረኝ» ሲባል 4,000 ሆነ። ልብስ ሰፊው ስለ ዋጋ አልተከራከሩም፤ የሚሠራበትን ቆጠሩለት። «እጅጌው ይቆረጣል። ወገቡ ይገባል። ሱሪው ከላይም ከታችም ይነካል። የምከፍለው ለአንተ ብቻ አይደለም።» በ3,200 ተስማሙ።

ሳሙና እና ስፒል

ልብሱ መጀመሪያ ወደ ልብስ ንጽሕና ቤት ሄደ። የሰው ላብ ያለበት ጨርቅ ላይ ካውያ ከተደረገ እድፉ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ከመስፋት በፊት ይጸዳል። በውኃ እንዳይነካ አስጠንቅቀው ሰጡት፤ 400 ብር ተከፈለ።

ለልኬቱ ወጣቱ በሰርጉ ቀን የሚያደርገውን ጫማና ሸሚዝ አድርጎ እንዲመጣ ታዘዘ። ይህ ለወግ የተባለ አይደለም። የሱሪው ርዝመት የሚለካው ከጫማው ተረከዝ ነው፤ በሸበጥ የተለካ ሱሪ በጫማ ሲለበስ ያጥራል። የእጅጌውም ልክ የሚወሰነው ከሸሚዙ ነው። ኪሱ ውስጥ የነበረውን ስልክም አስወጡት፤ ስልክ አንዱን ጎን ይጎትታል።

ነጭ ሸሚዝ በ1,100 ብር ገዝቶ ነበር። አሮጌ ጥቁር ጫማው ሶሉ ታድሶ ተቦርሾ 500 ብር አስወጣው፤ ጥቁር ካልሲ ደግሞ 150። ከረባቱ የአባቱ ነው፤ ጥቁር ቀይ፣ ነጠብጣብ የሌለው።

ልብስ ሰፊው ቀጭን ሳሙናቸውን ይዘው ዞሩት። እጅጌውን ሦስት ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ምልክት አደረጉበት፤ ክንዱ ሲወርድ የሸሚዙ ጫፍ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቅ እንዲል። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም፤ እንጀራ በእጅ ለሚጎርስ ሰው ረጅም እጅጌ ወጥ ውስጥ ይገባል። የእጅጌው ጫፍ ላይ ያሉት ቁልፎች ለጌጥ የተሰፉ፣ የማይከፈቱ ስለነበሩ ተነቅለው ወደ ላይ ተተከሉ። ቀዳዳቸው የተቀደደ፣ የሚከፈት ዓይነት ቢሆን ኖሮ እጅጌው ከታች አይቆረጥም ነበር፤ ከትከሻ በኩል ማሳጠር ግድ ይሆናል፤ ዋጋው ያንን ያህል ይጨምራል።

ቀጥለው የላይኛውን ቁልፍ ቆልፈው በሆዱና በኮቱ መካከል ጡጫቸውን አስገቡ። ብዙ ቦታ ነበር። በጎንና በጎኑ ሁለት ሁለት ሳንቲ ሜትር በስፒል ያዙት። ከዚያ በላይ ቢያስገቡት ቁልፉ ላይ እንደ መስቀል የተሻገሩ ሽብሽቦች ይወጣሉ፤ ያ ጠበበ የሚባልበት ምልክት ነው። የኋላው ቅድም እንደ በር ይከፈታል። ወጣቱ «ትንሽ ደግሞ ይግባልኝ» አለ፤ እኩዮቹ የሚለብሱት ገላ ላይ የተለጠፈ ነውና።

«ሰርጉ ላይ ትቀመጣለህ?»

«አዎ።»

«ትበላለህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እንግዲያው ይበቃሃል።»

የሱሪው ወገብ በሦስት ሳንቲ ሜትር ጠበበ፤ የተነካው የኋላው ስፌት ብቻ ነው። ርዝመቱ ጫማው ላይ አንድ ቀላል እጥፋት ብቻ እንዲያደርግ ተቆረጠ። ለሁሉም ሥራ 1,200 ብር ተከፈለ። ልብስ ሰፊው ሥራውን ለመጨረስ አሥር ቀን ጠይቀው፣ ከሰርጉ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ እንዲለካው ቀጠሩት። ከተሰፋ በኋላ የሚደረግ ልኬት የሚዘለል አይደለም። የወጣቱ ግራ ትከሻ ከቀኙ ትንሽ ዝቅ ይል ስለነበር ኮቱ በግራ በኩል ከአንገቱ ሥር ተኮማተረ። ከውስጥ ትንሽ ስፖንጅ ተጨምሮለት ተስተካከለ።

ወጪው ሲደመር ልብሱ 3,200፣ ጽዳቱ 400፣ ስፌቱ 1,200፣ ሸሚዙ 1,100፣ ጫማው 500፣ ካልሲው 150፤ በጠቅላላው 6,550 ብር። የቀረው 450 ለታክሲ ሆነ። ዋጋ በየጊዜው ይለዋወጣል፤ ማየት የሚሻለው ድርሻውን ነው። ለልብሱ የወጣው ካለው ገንዘብ ግማሽ አይሞላም። ለስፌቱ የወጣው ደግሞ የልብሱን ዋጋ ሲሶ አልፏል። መጀመሪያ ያየው ሱቅ ውስጥ ቢገዛ ለስፌት የሚተርፈው ምንም አልነበረም።

የሚቆረጡና የማይቆለፉ

ሰርጉ ዋዜማ ማታ እናቱ ካውያ አነሱ። ወጣቱ ቀደም ብሎ ተነግሮት ስለነበር አስቆማቸው። በፖሊስተር ላይ የጋለ ካውያ በቀጥታ ካረፈ ጨርቁን ያሳርረዋል፤ ባያሳርረው እንኳን የማይጠፋ ብልጭታ ይተዋል። በካውያውና በልብሱ መካከል እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ካውያውም ይጫናል እንጂ አይጎተትም። እናቱ አሮጌ የነጠላ ቁራጭ አምጥተው እንዲያ አደረጉ።

አዲስ ልብስ ለሚገዙ ደግሞ መቀስ ያስፈልጋል። አዲስ ኮት እጅጌው ላይ የፋብሪካ ምልክት ተሰፍቶበት ይመጣል። የኋላው ቅድ በመስቀለኛ ክር ተይዞ፣ ኪሶቹም ተሰፍተው ይሸጣሉ። ሁሉም ኮቱ በመጋዘንና በመንገድ ቅርጹን እንዳይለቅ የተደረጉ ናቸው፤ ተገዝቶ ሲመጣ ይፈታሉ። ምልክቱን እንደ ማዕረግ እጅጌው ላይ ይዞ ሰርግ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው፤ ቅዱን ሳይፈታ የሚቀመጥም ከኋላው እንደ ከረጢት ይሰበሰብበታል። ኪሱን ሲፈቱ ግን ዕቃ አይሙሉበት፤ የተሞላ ኪስ ያን ሁሉ ልኬት ያበላሸዋል።

ባለ ሁለት ቁልፍ ኮት ሲቆም የላይኛው ብቻ ይቆለፋል። የታችኛው ሁልጊዜ ክፍት ነው፤ ኮቱም ሲቆረጥ ታችኛው እንደማይቆለፍ ታስቦ ነው። ሲቀመጡ የላይኛውም ይፈታል። ወጣቱ ይህን በጠዋት ሲለማመድ እህቱ ከመኳኳያው ክፍል ብቅ ብላ አየችው። «እኔን ትመስላለህ» ብላ ተመለሰች፤ ከዚህ በላይ ጊዜ አልነበራትም።

በሩ ላይ ሚዜዎቹ ሲገፉ እሱም ገፋ። ኮቱ ከቦታው አልተነቃነቀም። ምሳ ላይ አንድ አክስት አቅፈው ሲስሙት የዶሮ ወጥ ጠብታ ደረቱ ላይ አረፈ። አክስቲቱ በመሐረም ሊያሹት ሲሉ እጃቸውን ያዘ፤ ቅባት ከታሸ ወደ ክሩ ውስጥ ይገባል። በደረቅ ሶፍት ጫን ጫን አድርጎ መጠጠውና ተወው፤ የቀረውን ንጽሕና ቤቱ ይጨርሰዋል። በማግስቱ መልስ ስለሆነ የሐበሻ ልብስ ለበሰ፤ ሙሉ ልብሱ አየር እያገኘ ሰፊ መስቀያ ላይ ዋለ። ሽቦ መስቀያ የትከሻውን ቅርጽ ስለሚያበላሽ ለኮት አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ ልብሱን በሰበብ ሁሉ ለብሶታል፤ ለሥራ ፈተና፣ ለጓደኛው ምርቃት፣ ለክርስትና። ሁልጊዜ ከኮቱ ቀድሞ የሚያልቀው ሱሪው ነው። ስለዚህ ለንጽሕና ሲሰጥ ሁለቱን አንድ ላይ ይሰጣል፤ አንዱ ብቻ ደጋግሞ ከጸዳ ቀለማቸው ይለያያል።

አንድ ነገር ግን ሳይታሰብ መጣ። ከሰርጉ፣ ከመልሱና ከቅልቅሉ በኋላ፣ በዚያም ላይ አማቾቹ በየሳምንቱ እየጠሩ ሲያበሉት ከርመው፣ በግንቦት የሱሪው ቁልፍ አልደርስ አለ። ወደ በረንዳው ይዞት ሄደ። ልብስ ሰፊው ሱሪውን ገልብጠው የኋላውን ስፌት አሳዩት። ሲያጠቡት የተረፈውን ጨርቅ አልቆረጡትም ነበር፤ ውስጡ ታጥፎ ተቀምጧል። ልብስ ለማስጠበብ የሚሄድ ሰው ከሥራው በፊት «ትርፉን አትቁረጠው» ማለት አለበት፤ የተቆረጠ አይመለስም። ስፌቱን ተርትረው አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ለቀቁለት።

«ሌላም እህት አለችህ እንዴ?» አሉት መኪናውን እያዞሩ። «የቀረው አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ነው።»